የባክቴሪያ ህዋስን ሰብሮ ኢንዛይሙን ከነሥራው ለማውጣት፦ ሶኒኬሽን፣ ላይሶዛይም ወይስ ዲተርጀንት?

በጎጃም ከተሞች በሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ኢንዛይም የሚያጠና ተማሪ ባክቴሪያውን ካሳደገና በሴንትሪፊውጅ ካዘቀጠ በኋላ ከአንድ ጥያቄ ፊት ይቆማል። የሚፈልገው ፕሮቲን በህዋሱ ውስጥ ነው፤ ህዋሱ መሰበር አለበት፤ አሰባበሩ ግን ፕሮቲኑን ማበላሸት የለበትም። የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ በድምፅ ሞገድ መስበር፣ በላይሶዛይም ግድግዳውን መቁረጥ፣ ወይም በዲተርጀንት ሽፋኑን ማሟሟት። ይህ መመሪያ ሦስቱን በአንድ ባክቴሪያና በአንድ ኢንዛይም ላይ ያነጻጽራል። ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ነው፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ነው። ይህን ኢንዛይም የመረጥሁት ኢ. ኮላይ በተፈጥሮው የሚሠራው በመሆኑ ጂን ማስገባት ስለማያስፈልግ፣ ሥራውም በቢጫ ቀለም ስለሚለካ ነው።

መመዘኛዎቹ

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «የትኛው የበለጠ ይሰብራል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል፤ ሁሉንም ህዋስ የሰበረ ዘዴ ግማሹን ኢንዛይም ገድሎት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ምን ያህል ፕሮቲን ወጣ የሚለው ሲሆን፣ ከእርሱ የማይነጠለው ሁለተኛው ደግሞ ከወጣው ፕሮቲን እያንዳንዱ ሚሊ ግራም ስንት ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። ሦስተኛው ዘዴው በፈሳሹ ውስጥ ምን ትቶ ይሄዳል የሚለው ነው። በእኔ ግምት ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሙቀትን በበረዶ መከላከል ይቻላል፣ አንድ ጊዜ የገባን ባዕድ ነገር ማስወጣት ግን ከመስበሩ የበለጠ ሥራ ሊሆን ይችላል። አራተኛው መመዘኛ የመብራት፣ የበረዶ፣ የመሣሪያና የመግዣ ገንዘብ ጉዳይ ነው።

የኢ. ኮላይ ህዋስ ሦስት ድንበሮች አሉት። ከውጭ በኩል ውጫዊው ሽፋን አለ፤ ይህን ሽፋን አጣብቀው የሚይዙት የማግኒዥየምና የካልሲየም አዮኖች ናቸው። ከሥሩ ፔፕቲዶግላይካን የተባለው ስስ የግድግዳ መረብ አለ፤ ከዚያም ውስጠኛው ሽፋን ይከተላል። ሶኒኬሽን ሦስቱንም በጉልበት ይበጣጥሳል። ላይሶዛይም መረቡን ብቻ ይቆርጣል፤ ዲተርጀንት ሽፋኖቹን እንጂ መረቡን አይነካም። የሚከተለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

ሶኒኬሽን

በተለምዶ የሚሠራበት ሶኒኬተር የታይታኒየም ዘንጉን በሰከንድ 20,000 ጊዜ ያህል ያንቀጠቅጣል። በዚህ መንቀጥቀጥ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን ክፍተቶች ይፈጠሩና ወዲያው ይደረመሳሉ፤ ህዋሱን የሚበጥሰው የዚህ መደርመስ ኃይል ነው። ይኸው ኃይል ሙቀትን ያመነጫል፣ ከውኃም ፕሮቲንን ሊያቃጥሉ የሚችሉ ነፃ ራዲካሎችን ይፈጥራል። የመሣሪያ ማጠቢያ የሆነው የሶኒኬተር ገንዳ ግን ለዚህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አቅም ስለሚያንሰው፣ «ሶኒኬተር አለን» ሲባል ዘንግ ያለው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለ3 ሚሊ ሊትር ናሙና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ዘንግ ይበቃል። ቱቦው በረዶ፣ ውኃና ጥቂት ጨው በተቀላቀሉበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ብቻውን ቱቦውን በደንብ ስለማይነካው ውኃው አስፈላጊ ነው። ዘንጉ ግድግዳና ወለል ሳይነካ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ፣ 10 ሰከንድ ሠርቶ 30 ሰከንድ እንዲያርፍ ይደረጋል። መጠነ ንቅናቄው ከ30 እስከ 40 በመቶ ቢጀመር ይመከራል፤ የፈሳሹም ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ በየጊዜው ይለካል። በባሕር ዳር በሞቃቱ ወራት በረዶው ከሥራው በፊት እንዳያልቅ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ለሚሠራውም ሰው የጆሮ መከላከያ መስጠት ያስፈልጋል።

ሥራው መሳካቱ በዓይን ይታያል። በመጀመሪያ ወተት የመሰለው ፈሳሽ ዲኤንኤው ሲወጣ ይዝለገለጋል፤ ቀጥሎ ድምፁ ዲኤንኤውን ስለሚቆራርጠው ይቀጥንና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ዲኤንኤውን ያለ ተጨማሪ ኢንዛይም ማቅጠኑ የሶኒኬሽን ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩም እንዲሁ ይታያል። አረፋ ከተነሣ ዘንጉ ወደ ላይ ቀርቧል ማለት ነው፤ ፕሮቲን በአየርና በውኃ ድንበር ላይ ሲዘረጋ ቅርጹን ያጣል፣ አረፋውም የድምፁን ኃይል ያባክናል። በዚህ ጊዜ መቀጠል ሳይሆን አቁሞ ማቀዝቀዝ፣ አረፋው እስኪከስም መጠበቅና ዘንጉን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ፈሳሹ ወደ ግራጫነት ካደላ ደግሞ ያረጀው የዘንጉ ጫፍ የታይታኒየም ብናኝ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ስሕተት ጊዜውን ከሌላ ሰው የሥራ መግለጫ ገልብጦ መውሰድ ነው፤ በመሣሪያና በቱቦ ቅርጽ ምክንያት የአንዱ 3 ደቂቃ የሌላው 6 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ በሠራ በየ1 ደቂቃው 100 ማይክሮ ሊትር ወስዶ፣ አዝቅጦ፣ ፕሮቲኑንና ሥራውን መለካት ትክክለኛውን ጊዜ ይሰጣል። የፕሮቲኑ መጠን መጨመር ካቆመበት ደቂቃ በኋላ የሚጨመር ጊዜ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ላይሶዛይም

በገበያ የሚገኘው ላይሶዛይም ከዶሮ እንቁላል ነጭ የሚወጣ፣ 14.3 ኪሎ ዳልተን የሚመዝን ትንሽ ፕሮቲን ነው። የፔፕቲዶግላይካንን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ግድግዳው ሲላላ ውኃ ወደ ህዋሱ ይገባና ያፈነዳዋል። ሙቀትም አረፋም ስለሌለ ለፕሮቲን ከሦስቱ ለስላሳው ዘዴ ነው። ነገር ግን በኢ. ኮላይ ላይ ውጫዊው ሽፋን መንገዱን ይዘጋበታል። መንገዱን ለመክፈት ዝቃጩን በፍሪዘር አቀዝቅዞ ማሟሟት፣ ወይም የሽፋኑን አዮኖች የሚነጥቀውን ኢዲቲኤ መጨመር፣ ወይም ሁለቱንም ማድረግ ያስፈልጋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያደረ ዝቃጭ ይሟሟና ለ1 ግራም 10 ሚሊ ሊትር በሆነ ልክ በ50 ሚሊ ሞላር ትሪስ ባፈር፣ ፒኤች 8.0፣ ይበጠበጣል። 1 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤና በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም አዲስ የተሟሟ ላይሶዛይም ተጨምሮ 30 ደቂቃ በበረዶ ላይ ይቆያል። ህዋሱ ከተሰበረ ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ካልተዝለገለገ አልተሰበረም፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድም አይገባም። ከዚያ በኋላ ዲኤንኤውን የሚቆርጠው ዲኤንኤዝ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ያህል ይጨመራል። ዲኤንኤዝ ማግኒዥየም ስለሚፈልግ፣ ኢዲቲኤው ደግሞ ማግኒዥየምን ስለሚይዝ፣ አስቀድሞ 5 ሚሊ ሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ መጨመር ግድ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ ፈሳሹ ሳይቀጥን ይቀርና በሴንትሪፊውጅ አይለይም።

ለቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የማግኒዥየሙ ነገር ከዚህም ያለፈ ትርጉም አለው። ኢንዛይሙ ራሱ ለመሥራት ማግኒዥየም ይፈልጋል፤ ኢዲቲኤው ሳይካካስ ከተለካ ሥራው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ተማሪውም «ላይሶዛይም ኢንዛይሜን ገደለብኝ» ብሎ ይደመድማል። ማግኒዥየም ተጨምሮበት ሥራው ከተመለሰ ግን ጥፋቱ የአሰባበሩ አልነበረም። ብረት ነክ አዮን በሚፈልግ ማንኛውም ኢንዛይም ላይ ይህ ፍተሻ መቅደም አለበት። እንዲሁም ፕሮቲኑ በኒኬል ኮለም የሚጣራ ከሆነ ኢዲቲኤው ኒኬሉን ስለሚነጥቅ፣ በእርሱ ፈንታ በማቀዝቀዝና በማሟሟት ላይ መመካት ይሻላል።

ሌሎች ሁለት ገደቦች አሉ። ብዙ ጨው ያለበት ባፈር የላይሶዛይሙን ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨው ካስፈለገ ከመስበሩ በኋላ ቢጨመር ይመረጣል። በስኳር የተሞላ ባፈር ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ቢቆረጥም ህዋሱ አይፈነዳም፤ ይህ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለውን ፕሮቲን ብቻ ለማውጣት ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በመጨረሻም የተጨመረው ላይሶዛይም ራሱ ፕሮቲን በመሆኑ በጠቅላላ ፕሮቲን ልኬት ውስጥ ይቆጠራል፣ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄልም ላይ 14 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ይታያል። የሚፈለገው ፕሮቲን በዚያው መጠን አካባቢ ከሆነ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነው።

ገንዘብ በሚያጥርበት ቦታ የእንቁላል ነጭን በቀጥታ መጠቀም ይታሰባል። እንቁላል ነጭ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ያህል ላይሶዛይም ስላለው ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር እጅግ የሚበዛ ሌላ ፕሮቲን ይገባል። ስለዚህ ለክፍል ማሳያ እንጂ ለልኬት አይሆንም።

ዲተርጀንት

በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች እጅግ ይለያያሉ። ኤስዲኤስ ፕሮቲንን የሚዘረጋ በመሆኑ ለጄል እንጂ ሥራን ለመጠበቅ አይመረጥም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ተመሳሳይ ጠባይ ካላቸው ዲተርጀንቶች በተጨማሪ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ሊኖሩበት ይችላሉ። ለዚህ ሥራ የሚታሰበው ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው ትሪቶን ኤክስ-100 ነው፤ መጠኑም ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይሆናል።

ትሪቶን ብቻውን ኢ. ኮላይን በሚገባ አይሰብርም። ሽፋኑን ቢያሟሟም የግድግዳው መረብ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ትናንሽ ፕሮቲኖች ሊሾልኩ ቢችሉም አራት ክፍል ያለውና 465 ኪሎ ዳልተን የሚመዝነው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ በአብዛኛው ውስጥ ይታገዳል። በሚሊ ሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ላይሶዛይም ሲታከልበት ግን ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ መረቡን ሲቆርጥ ሌላው ሽፋኑን ያፈርሳል። በመሆኑም ትሪቶንን እንደ ራሱን የቻለ አማራጭ ሳይሆን እንደ ላይሶዛይም ረዳት ማየት ይገባል። በሽፋን ውስጥ የተተከለ ፕሮቲን ሲፈለግ ብቻ ዲተርጀንት የግድ ይሆናል፤ ያን ፕሮቲን ከሽፋኑ በተለምዶ የሚነቅለው እርሱ ነውና።

ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው። የትሪቶን ሞለኪውሎች ተሰብስበው 90 ኪሎ ዳልተን ያህል የሚመዝን ጓል ስለሚሠሩ በዲያሊሲስ ከረጢት በቀላሉ አይወጡም። መውጣት ካለበት ፕሮቲኑን በኮለም ላይ አስይዞ በብዙ ባፈር ማጠብ፣ ወይም ውኃ ጠል ቅንጣቶች እንዲመጥጡት ማድረግ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው እንደሚወገድ ከታወቀ በዲያሊሲስ የሚወጡትን ቻፕስን ወይም ኦክቲል ግሉኮሳይድን መምረጥ ይቻላል፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። በተጨማሪም ትሪቶን በ280 ናኖ ሜትር ብርሃን ይመጥጣል፣ ብራድፎርድ የተባለውንም የፕሮቲን መጠን ልኬት ያዛባል፤ ስለዚህ የፕሮቲን መጠን በቢሲኤ ዘዴ፣ ያንኑ ባፈር ባዶ መነሻ አድርጎ፣ ቢለካ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ፕሮቲንን የሚያቃጥል ፐርኦክሳይድ ሊያጠራቅም ስለሚችል የተከፈተበትን ቀን መጻፍና ከብርሃን መጠበቅ ይገባል።

አንድ ንጽጽር በስሌት

250 ሚሊ ሊትር ካልቸር ግሉኮስ በሌለበት ምግብ፣ ህዋሱን ኢንዛይሙን እንዲሠራ የሚያነሣሣው አይፒቲጂ 1 ሚሊ ሞላር ተጨምሮበት ሲያድግ፣ 1 ግራም ያህል እርጥብ ዝቃጭ ይሰጣል እንበል። በሦስት ቱቦ እኩል ተከፍሎ እያንዳንዱ በ3 ሚሊ ሊትር ባፈር ይበጠበጣል፤ አንዱ በሶኒኬሽን፣ አንዱ በላይሶዛይም፣ አንዱ በላይሶዛይምና በትሪቶን ይሰበራል። ፕሮቲን በሚቆርጡ የባክቴሪያው ኢንዛይሞች እንዳይበላ በሁሉም ላይ 1 ሚሊ ሞላር ፒኤምኤስኤፍ ሊጀመር ሲል ይጨመራል። ይህ ኬሚካል በፒኤች 8 ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ፣ 30 ደቂቃ ለሚቆዩት ቱቦዎች በመካከል መድገም ይጠቅማል። ከዚያ ሁሉም በ4 ዲግሪ፣ በ12,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ይዘቅጣሉ።

ጥርት ያለው ፈሳሽ ማግኒዥየም ባለበት ባፈር 10 እጥፍ ይቀጥናል፤ ከእርሱም 20 ማይክሮ ሊትር ኢንዛይሙ ሲቆርጠው ቢጫ ውህድ የሚሰጠው ኦኤንፒጂ ወዳለበት 1 ሚሊ ሊትር ይገባል። ከ2 ደቂቃ በኋላ በ0.5 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሶዲየም ካርቦኔት ይቆማል፤ በ420 ናኖ ሜትር የተነበበው 0.60 ነው እንበል። የቢጫው ውህድ መለወጫ 4,500 ስለሆነ ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦

```
0.60 ÷ 4500 = 0.000133 M
0.000133 M × 1.5 ml = 0.2 µmol
0.2 µmol ÷ 2 min = 0.1 µmol/min
0.1 ÷ 0.020 ml × 10 = 50 U/ml
```

የፕሮቲኑ መጠን በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ግራም 10 ዩኒት፣ ማለትም በደቂቃ 10 ማይክሮ ሞል፣ ይሠራል። አሁን ያው የሶኒኬሽን ናሙና ጊዜው ሲረዝም 5.5 ሚሊ ግራም ፕሮቲንና 44 ዩኒት ሰጠ ብንል፣ በሚሊ ግራም ወደ 8 ወርዷል። ፕሮቲን ብቻ የለካ ሰው ተሻሻለ ይላል፤ ሥራውን የለካ ግን መበላሸት እንደ ጀመረ ያያል። በትሪቶኑ ቱቦ ደግሞ ብራድፎርድ 5 የነበረውን 7.5 አድርጎ ቢያነብ፣ 50 ለ7.5 ሲካፈል 6.7 ይሆናል፤ እዚህ ላይ የወደቀው ኢንዛይሙ ሳይሆን ልኬቱ ነው። ቁጥሮቹን ስሌቱን ለማሳየት ወስጃቸዋለሁ፤ ሦስቱን ቱቦዎች በሚሊ ግራምም በጠቅላላ ዩኒትም ማወዳደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ታጋሽ ኢንዛይም መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። እርሱ የቻለውን ሙቀት ወይም ዲተርጀንት ሌላው ላይችል ስለሚችል፣ በእርሱ የተገኘው ውጤት የአሠራሩን ጥራት ያሳያል እንጂ ለሌላ ኢንዛይም ዋስትና አይሆንም።

| መመዘኛ | ሶኒኬሽን | ላይሶዛይም | ላይሶዛይም ከትሪቶን ጋር |
|---|---|---|---|
| ለኢ. ኮላይ መሰበር | ከፍተኛ | ማቀዝቀዝ ወይም ኢዲቲኤ ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| ዋና አደጋ | ሙቀት፣ አረፋ፣ ራዲካል | የኢዲቲኤ ጉዳት፣ ረጅም ቆይታ | የልኬት መዛባት፣ ለዲተርጀንት ስሱ የሆነ ፕሮቲን |
| የሚቀረው ባዕድ ነገር | ከሞላ ጎደል የለም | ላይሶዛይም፣ ኢዲቲኤ፣ ዲኤንኤዝ | እነዚያና ትሪቶን |
| ዲኤንኤ | ራሱ ይቆራርጠዋል | ዲኤንኤዝ ያስፈልጋል | ዲኤንኤዝ ያስፈልጋል |
| ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ | አንድ በአንድ | ይቻላል | ይቻላል |
| ወጪ | መሣሪያው ውድ፣ አጠቃቀሙ ርካሽ | መጠነኛ፣ በየጊዜው የሚገዛ | መጠነኛ፣ ማስወገጃው ይጨምራል |

ለየትኛው ሥራ የትኛው

ፕሮቲኑ ተጣርቶ ባሕርይው በዝርዝር የሚጠና ከሆነና ዘንግ ያለው ሶኒኬተር ከተገኘ፣ ሶኒኬሽንን እመርጣለሁ፤ ባዕድ ነገር የማይተው እርሱ ብቻ ነው። በመሣሪያው ላይ ወረፋ ካለ ዝቃጩን በቀዝቃዛ ማቆየት እንጂ ሰብሮ ማቆየት አይገባም።

መሣሪያ በሌለበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት ቦታ ማቀዝቀዝና ላይሶዛይም ተመራጭ ናቸው። ህዋሱ በሚሰበርበት በዚያ ግማሽ ሰዓት መብራት ቢጠፋ በበረዶ ላይ ያለው ቱቦ ምንም አይሆንም፤ በሶኒኬሽን መካከል ቢጠፋ ግን ከፊሉ የተሰበረ ናሙና ይቀራል። በዝቃጭነት ያለው ባክቴሪያም ባሲለስ ሰብቲሊስ ከሆነ ውጫዊ ሽፋን ስለሌለው ላይሶዛይም ያለ ኢዲቲኤ ይሠራል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ግን ግድግዳው ላይሶዛይምን ስለሚቋቋም በዚህ መንገድ አይሞከርም።

ብዙ ናሙናዎችን በአንድ ቀን ሥራቸውን ብቻ ለክቶ ለማወዳደር፣ ላይሶዛይምን ከ0.1 በመቶ ትሪቶን ጋር መጠቀም ጊዜን ይቆጥባል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ኢንዛይሙ ትሪቶን ባለበትና በሌለበት እኩል መሥራቱ ይረጋገጥ።

በየትኛውም ዘዴ የሚፈለገው ፕሮቲን በጥርቱ ፈሳሽ ውስጥ ከታጣ፣ ዘዴውን ከመቀየር በፊት የቀረው ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ጥቂቱም በኤስዲኤስ ተፈልቶ በጄል ላይ ይሂድ። ሙሉ ህዋሳት በብዛት ከታዩ የጎደለው መሰበር ነው። ህዋሳቱ ተሰብረው ፕሮቲኑ በዝቃጩ ውስጥ ወፍራም መስመር ሆኖ ከታየ ግን ፕሮቲኑ በህዋሱ ውስጥ ሳለ ተጓጉሎ ቀርቷል፤ ይህን ተጨማሪ ሶኒኬሽንም ሆነ ላይሶዛይም አይፈታውም። መፍትሔው ካልቸሩን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ18 ዲግሪ፣ በጥቂት አይፒቲጂ እንደገና ማሳደግ ነው።